አድራሻ ያለው ቁጥር

በ2010 እ.ኤ.አ. ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ ባሳተሙት አጭር ጥናት፣ የመንግሥት ዕዳቸው ከአገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች ወርዶ −0.1 በመቶ መሆኑ ተመልክቶ ነበር። ቁጥሩ በአውሮፓም በአሜሪካም የመንግሥት ወጪ ይቀነስ በሚሉ ወገኖች ዘንድ ደጋግሞ ተጠቀሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን፣ ከማይክል አሽ እና ከሮበርት ፖሊን ጋር ሆኖ የደራሲዎቹን የኤክሴል ፋይል መረመረ። አማካዩ ከረድፍ 30 እስከ ረድፍ 49 መውሰድ ሲገባው 44 ላይ ቆሟል። አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳ እና ዴንማርክ ከስሌቱ ውጭ ቀርተዋል። መርማሪዎቹ ይህንና ሌሎች ችግሮችን አርመው ያገኙት አማካይ 2.2 በመቶ ነበር። ለልዩነቱ የቀመሩ ስህተት ያበረከተው ጥቂቱን ነው፤ የሚበዛው የመጣው ከተዘለሉ መረጃዎችና ከአመዛዘን ዘዴው ነው። በሰው ዘንድ የሚታወሰው ግን የቀመሩ ስህተት ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የወሰዱት ትምህርት ኤክሴልን መጠንቀቅ እንደሚገባ ነው። ሌላው ገጽታው እምብዛም አይነገርም። ስህተቱ ሊገኝ የቻለው ፋይሉ ለሌላ ሰው ስለተሰጠ፣ ቀመሩም ቁጥሮቹን ከየት እንደወሰደ ራሱ ስለሚናገር ነው፦

```
=AVERAGE(L30:L44)
```

በዚህች አንድ መስመር ውስጥ ውጤቱም መነሻውም አብረው ተቀምጠዋል። መርማሪው አድራሻውን አነበበ፣ ወደ አድራሻው ሄደ፣ የጎደለውን አየ። አሁን ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢሄዱና በአንዱ ሴል ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ ብለው ቢጠይቁ መልስ አያገኙም። ቁጥሩን አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ከአንድ ገጽ ላይ አንብቦ አስገብቶታል፤ ሴሉ ግን የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። ከወረቀት ወደ ስሌት ሉህ የሚደረገው ሽግግር፣ በመረጃ ሥራ ውስጥ ለስህተት በጣም የተጋለጠው እርምጃ ሆኖ ሳለ ዱካ የማይቀርበትም እሱ ነው።

ከምስል የተወሰደን እያንዳንዱን ቁጥር ምስሉ ላይ ካለው ትክክለኛ ቦታ ጋር አስተሳስሮ የሚያቆይ የኦዲት ዱካ ይህን ክፍተት ይሞላል። የተተየበው ቁጥር ቀመር ያለውን ትውስታ እንዲያገኝ ያደርጋል። ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው ያ ዱካ ምን እንደሚይዝ፣ ምን ዓይነት ስህተት እንደሚያጋልጥ፣ የት ላይም አቅሙ እንደሚያልቅ ነው።

ብዙ ተመራማሪዎች የቁጥርን ምንጭ ሲመዘግቡ የጥራዙን ስምና የገጹን ቁጥር ይጽፋሉ። ይህ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ የቆየ የስታትስቲክስ ጥራዝ በአንድ ገጽ ላይ 72 ወይም 150 ቁጥሮችን ሊይዝ ይችላል። «ገጽ 47» ማለት ለቤት እንግዳ ሰፈሩን ነግሮ በሩን አለመንገር ነው። የተሟላው መዝገብ ይህን ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌነት የተፈጠሩ ናቸው፦

```
image:  vol_p047.tif   2480 x 3508
sha256: 9f2c...41e1
cell:   x=1312 y=1764 w=118 h=41
row:    x=214  y=1762 w=205 h=44
col:    x=1290 y=602  w=160 h=52
unit:   x=1010 y=520  w=430 h=40
raw:    "1,846"
value:  1846
reader: A
```

የመጀመሪያው መስመር ምስሉን ከነስፋቱ ይሰይማል፤ 2480 በ3508 ፒክስል የA4 ወረቀት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲቃኝ የሚሰጠው መጠን ነው። `x` እና `y` የሳጥኑ የላይኛው ግራ ጥግ ከምስሉ የላይኛው ግራ ጥግ ምን ያህል ፒክስል እንደሚርቅ ሲናገሩ፣ `w` እና `h` የሳጥኑ ስፋትና ቁመት ናቸው። `raw` በገጹ ላይ የተነበበው ልክ እንደታየ፣ `value` ደግሞ ወደ ስሌት የሚገባው ነው።

በመዝገቡ ውስጥ ሳጥኑ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። አራት ናቸው፦ የቁጥሩ፣ የረድፉ ስያሜ፣ የዓምዱ ራስጌ እና የመለኪያው። «1,846» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይናገርም። የምን 1,846? የየትኛው ዓመት? ቶን ነው ወይስ ሺህ ብር? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በገጹ ላይ በሌላ ቦታ፣ አንዳንዴም ከቁጥሩ ርቆ በሰንጠረዡ አናት ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል።

በኢትዮጵያ መረጃ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን በዓመተ ምሕረት ጉዳይ በሚገባ ያውቀዋል። የዓምዱ ራስጌ «1957» ብቻ ቢል፣ ያ የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሆነ ከሐምሌ 1 ቀን 1956 እስከ ሰኔ 30 ቀን 1957 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ያመለክታል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 8 ቀን 1964 እስከ ጁላይ 7 ቀን 1965 መሆኑ ነው። ራስጌውን እንደ አውሮፓ ዓመት ያነበበ ሰው ተከታታይ መረጃውን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እያንዳንዱ አኃዝ ትክክል ተነብቦ ሳለ መረጃው በሙሉ የተሳሳተ ይሆናል። የራስጌው ሳጥን ተመዝግቦ ከሆነ ግን፣ ጥርጣሬ የገባው አንባቢ ያንን ቁራጭ ምስል ከፍቶ «1957» የሚለውን፣ ከአጠገቡ ምልክት ይኑር አይኑርም፣ በዓይኑ ያያል።

አሁን ከላይ ያለውን መዝገብ እንደ ጉዳይ ወስዶ መከተል ይቻላል። ገጹ የአንድ ዓመት የቡና ኤክስፖርት በወር በወር፣ በቶን ይዟል እንበል። አሥራ ሁለቱ ወራት ተነብበው ሲደመሩ 20,214 ይሆናሉ፤ ከሥር የታተመው ድምር ግን 19,714 ነው። ልዩነቱ ልክ 500 ነው።

ይህ ልዩነት ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ይሆን ነበር፤ የቆዩ የሒሳብ ሠራተኞች የሚያውቁት ዘዴ ነው። 500 ለ9 አይካፈልም። በአንድ አኃዝ ላይ ብቻ የመጣና በሌሎቹ ቤቶች ምንም ያልነካ ልዩነት፣ በመቶ ቤት ያለ አንድ አኃዝ በ5 ከፍ ብሎ መነበቡን ይጠቁማል። በደበዘዘ ኅትመት በ5 የሚለያዩና በቀላሉ የሚምታቱት አኃዞች 3 እና 8 ናቸው። ስለዚህ ፍለጋው ይጠባል፦ በመቶ ቤታቸው 8 ተብሎ የተነበበባቸው ወሮች ብቻ ይለዩ። ከአሥራ ሁለቱ ሦስት ቢገኙ፣ የሦስቱ ሳጥኖች ቁራጭ ምስል ጎን ለጎን ተደርድሮ ይታያል። የሁለቱ 8 በግራ በኩል የተዘጋ ነው። ሦስተኛው ክፍት ነው፤ ከወረቀቱ ጀርባ የዘለቀ የቀለም ጥላ ብቻ ዘግቶት ነበር። ቁጥሩ 1,346 ነው። ሥራው ደቂቃ አይፈጅም። ሳጥን ባይኖር ኖሮ ሙሉው ገጽ ተከፍቶ እያንዳንዱ ወር እንደገና መነበብ ነበረበት፤ አርባ ዓመት በሚሸፍን ተከታታይ መረጃ ውስጥ ደግሞ ማንም ይህን አያደርገውም።

እዚህ ላይ አንድ የሥነ ምግባር መስመር አለ። ቁጥሩ የሚታረመው ምስሉ ስላሳየ ነው። ድምሩ እንዲገጥም ስለተፈለገ ብቻ አይነካም። ሦስቱም 8 በእርግጥ 8 ሆነው ቢገኙ፣ ምናልባት የታተመው ድምር በስህተት ተነብቧል፤ ያም ካልሆነ የያኔው መደመር ወይም ማተሚያ ቤቱ ተሳስቷል። ያን ጊዜ ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል፤ ከጎኑም ድምሩ እንደማይገጥም የሚገልጽ ማስታወሻ ይጻፋል። እርማት ሲደረግም የቀድሞው ንባብ አይሰረዝም፤ አዲስ መስመር ይጨመራል፣ ማን እንዳረመና በምን ምክንያት እንዳረመ ይጠቀሳል። አንድ ቁጥር ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ ሆኖ የመካከሉ ታሪክ ከጠፋ ዱካው ዱካ መሆኑ ያበቃል።

እስካሁን የታየው ስህተት በመደመር የሚያዝ ነው። ከዚህ የከፋው ድምሩ ፍጹም ገጥሞ የሚያልፈው ነው። በቆዩ ሰንጠረዦች ውስጥ አንድ የረድፍ ስያሜ ረጅም ሆኖ በሁለት መስመር ሊጻፍ፣ ወይም አንድ ሴል ባዶ ሊሆን ይችላል። አንባቢው፣ ሰውም ይሁን ፕሮግራም፣ ዓምዱን ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ባዶውን ይዘለውና ከሥሩ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ይንሸራተታሉ። የጥቅምት ለመስከረም፣ የኅዳር ለጥቅምት ይሰጣል። አኃዞቹ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ድምሩም አይዛነፍም። ሁለተኛ ሰው ቁራጭ ምስሎቹን ብቻ እያየ ቢያነብም ያንኑ ይደግማል፤ ምክንያቱም በሳጥኑ ውስጥ ያለውን በትክክል አንብቧል። የተሳሳተው ቁጥሩ የተመዘገበበት ስም ነው።

ይህን ስህተት የሚይዘው ቦታው ነው። በመዝገቡ ውስጥ የረድፉ ስያሜ `y=1762`፣ ቁጥሩ ደግሞ `y=1764` ላይ ይገኛሉ፤ ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። የረድፎቹ ርቀት 46 ፒክስል ቢሆንና ለዚያው ስያሜ የተሰጠው ቁጥር `y=1810` ላይ ቢገኝ፣ ቁጥሩ የጎረቤቱ ነው። ፈተናው በአንድ መስመር ይጻፋል፤ `pitch` የረድፎቹ ርቀት ነው፦

```
abs(cell.y - row.y) > pitch / 2
```

ይህን ሁኔታ የሚያሟላ መዝገብ ሁሉ ለሰው ዓይን ይቀርባል። በገጽ ቁጥር ብቻ የተመዘገበ መረጃ ይህን ፈተና ሊወስድ አይችልም።

ፈተናው ግን ገጹ ቀጥ ብሎ መቃኘቱን ይሻል። በምሳሌው ስያሜውና ቁጥሩ በአግድም ወደ 1,100 ፒክስል ይራራቃሉ። ገጹ 1 ዲግሪ ቢያዘነብል በዚህ ርቀት ላይ የ19 ፒክስል ልዩነት ይፈጠራል። 2.4 ዲግሪ ቢያዘነብል ልዩነቱ 46 ይሆናል፤ ይኸውም ልክ አንድ ረድፍ ነው። ጥራዙን በመስታወት ላይ ለመዘርጋት የሞከረ ሰው 2 ዲግሪ ማዘንበል ብርቅ አለመሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ምስሉ ከመነበቡ በፊት ይቃናል፤ ስያሜና ቁጥር መስመር ላይ መሆናቸው የሚለካውም ዝንባሌው ከተወገደ በኋላ ነው።

ከዚህ ማቃናት ሌላ ችግር ይወለዳል። ምስሉ ሲዞር፣ ጠርዙ ሲቆረጥ ወይም መጠኑ ሲቀነስ ቦታዎቹ ሁሉ ይለወጣሉ። ሳጥኖቹ በተቃናው ቅጂ ላይ ተለክተው ከሆነና ቅጂው በኋላ ከጠፋ፣ የተመዘገበው አድራሻ የፈረሰ ቤት አድራሻ ይሆናል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ምስል ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ በቅጂው ላይ የተለካውን ሳጥን ወደ መጀመሪያው ምስል መልሶ መቀየር፣ ስንት ዲግሪ እንደዞረና ከየትኛው ጠርዝ ስንት ፒክስል እንደተቆረጠም መመዝገብ ነው። በመዝገቡ ያለው `sha256` የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ ዲጂታል አሻራ ነውና በምስሉ አንድ ፒክስል እንኳ ቢለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላ ፋይሉን የከፈተ ሰው ሳጥኖቹ የተለኩት በዚሁ ምስል ላይ መሆኑን ስሙን አምኖ ሳይሆን አሻራውን አስልቶ ያረጋግጣል።

የመለኪያ ልማድም ያሳስታል። ብዙ የምስል ፕሮግራሞች ከላይኛው ግራ ጥግ ጀምረው በፒክስል ሲለኩ፣ ፒዲኤፍ በተለምዶ ከታችኛው ግራ ጥግ ጀምሮ በአንድ ኢንች 72 ነጥብ ይለካል። ከአንዱ የመጣ ሳጥን ሳይቀየር በሌላው ላይ ቢቀመጥ በባዶ ኅዳግ ወይም በማይመለከተው ረድፍ ላይ ያርፋል። ከእያንዳንዱ ገጽ ጥቂት ሳጥኖችን በዘፈቀደ መርጦ በምስሉ ላይ መሣልና በቁጥሩ ዙሪያ መቀመጣቸውን ማየት ይህን ወዲያው ይገልጠዋል።

`raw` እና `value` ለየብቻ የመቀመጣቸው ምክንያትም መዘለል የለበትም። በቆዩ ሰንጠረዦች ጭረት «—» አንዳንዴ ዜሮ ማለት ነው፤ አንዳንዴ መረጃ የለም ማለት ነው፤ አንዳንዴም ከግማሽ መለኪያ ያነሰ ማለት ነው። ትርጉሙን የሚወስነው የዚያ ጥራዝ የምልክቶች ማብራሪያ ነው። ጭረቱ በቀጥታ ዜሮ ተብሎ ከገባ ውሳኔው ይደበቃል። `raw` ጭረቱን፣ `value` ትርጓሜውን ከያዙ፣ ማብራሪያው በኋላ ሲገኝ ገጾቹን እንደገና ማንበብ ሳያስፈልግ ትርጓሜው ብቻ ይስተካከላል። በገጹ ላይ ጨርሶ ያልተጻፈ ቁጥር፣ ለምሳሌ የጎደለውን ወር ከድምሩ ቀንሶ የተገኘ፣ ሳጥን ሊሰጠው አይገባም። በሳጥኑ ምትክ የተሰላባቸው ሴሎች ዝርዝር ይጻፍለታል። ለተሰላ ቁጥር ሳጥን መስጠት በሐሰት እንደ መመስከር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሠራ እንኳ ዱካው የሚያደርሰው እስከ ምስሉ ድረስ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዴቪድ ክሪዝል አንዳንድ የዜሮክስ ወርክሴንተር ማሽኖች ሲቃኙ አኃዞችን እንደሚለውጡ አሳየ። በአንድ የሕንፃ ንድፍ ላይ የሦስት ክፍሎች ስፋት 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር ተብሎ የተጻፈ ሲሆን፣ በተቃኘው ቅጂ ሦስቱም 14.13 ሆነው ወጡ። ምክንያቱ ጄቢግ2 የተባለው የማመቂያ ዘዴ የሚመሳሰሉ ቁራጮችን እንደ አንድ ቆጥሮ፣ አንዱን ምስል በሌሎቹ ቦታ መተካቱ ነበር። ኩባንያው በኋላ የሶፍትዌር ማስተካከያ አወጣ። የሚያስፈራው የተተካው አኃዝ ብዥ ያላለ መሆኑ ነው፤ ጥርት ያለና ማንም ሊጠራጠረው የማይችል ነበር። ሳጥኑ ትክክል፣ ንባቡም ትክክል ሆኖ ምስሉ ራሱ ይዋሻል። ይህን የሚያጋልጠው የይዘቱ አመክንዮ ብቻ ነው፤ በንድፉ ላይ በዓይን ሰፍቶ የሚታይ ክፍል ከጠባቡ ጋር እኩል ተብሎ ነበር። ስለዚህ ማስረጃ የሚሆን ምስል አኃዝን በአኃዝ በማይተካና መረጃ በማያጠፋ ቅርጽ፣ ለምሳሌ ያለ ኪሳራ በታመቀ ቲፍ ይቀመጣል፤ ከየጥራዙም ጥቂት ገጾች ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራሉ።

ዱካው የማይመልሰው ሌላ ጥያቄም አለ። የያኔው የጉምሩክ ሠራተኛ ቡናውን በትክክል መዝኖ ነበርን? ሳጥኑ ገጹ ምን እንደሚል ይመሰክራል፤ ገጹ እውነት መሆኑን አይመሰክርም። ነገር ግን ሁለቱን ጥያቄዎች መለየቱ ራሱ ጥቅም ነው። በአንድ ቁጥር ላይ ክርክር ሲነሣ ምንጩ ተሳስቷል የሚለው ወገንና የቀዳው ሰው ተሳስቷል የሚለው ወገን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተናገሩ አንድ ጉዳይ ይመስላቸዋል። ሳጥኑ ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ እይታ ይዘጋና ሙግቱን ወደ መጀመሪያው ያተኩረዋል።

ወጪው ከሩቅ እንደሚመስለው አይደለም። ለእያንዳንዱ ቁጥር በእጅ ሳጥን መሣል አያስፈልግም። 12 ረድፍና 6 ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ 72 ሴሎች አሉት፤ 13 አግድም እና 7 ቋሚ መስመሮች ከተሠመሩ ግን 72ቱም ሳጥኖች ከመገናኛዎቹ ይሰላሉ። ሥራው ከ72 ሳጥን ወደ 20 መስመር ወረደ ማለት ነው። ገጹ በጥራዙ ማጠፊያ አጠገብ ጎብጦ ከሆነ ቀጥታ መስመር አይሠራምና ሰንጠረዡ በሁለት ተከፍሎ ለየብቻው ይሠመራል። ዋናው ቁም ነገር ሳጥኑ በንባቡ ወቅት መመዝገቡ ነው። ያን ጊዜ አንባቢው ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ስለሆነ ቦታውን መያዝ ቀላል ነው። ከዓመታት በኋላ ዱካ ለመፍጠር መሞከር ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ማንበብ ነው።

ዕዳውን የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን የቀዳው ሰው አይደለም። እሱ ሥራ ይቀይራል፤ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ጥራዙ በጥቂት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ተቀምጦ የአገሩን የንግድ ታሪክ የሚያጠና ሰው አንድ ዓመት ላይ ያልተለመደ ዝላይ ቢያይ ሁለት አማራጭ ብቻ ይኖረዋል፦ በጭፍን ማመን ወይም ያንን ዓመት ከጥናቱ መጣል። ሁለቱም ውጤቱን ይለውጣሉ፤ ሁለቱም ምክንያት የላቸውም። ከቁጥሩ ጋር 118 ፒክስል ስፋትና 41 ፒክስል ቁመት ያላት ቁራጭ ምስል ብትመጣለት ግን ሦስተኛ አማራጭ ያገኛል፤ ከፍቶ ያያል።

በሄርንደን ምርመራ ደራሲዎቹ ፋይላቸውን ሰጡ፣ ቀመሩም መነሻውን ተናገረ። ከወረቀት የተቀዳ ቁጥር ግን አስቀድሞ አድራሻ ካልተሰጠው፣ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ይፋ ሆኖ እንኳ የሚናገረው ነገር የለውም።